«ዋጋ በኢንቦክስ» ስንት ያስከፍላል?

«የሴት የቆዳ ጫማ። ከ36 እስከ 40 ቁጥር አለን። ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» በቴሌግራም ዕቃ የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያልፈው ቆጥሮ አያውቅም። ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ሱቁ ያለበት ሕንፃና ፎቅ፣ የሚደወልበት ስልክ ሳይቀር። ገዢው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ብቻ ቀርቷል።

ሻጮቹ ዋጋ የማይጽፉት ሰንፈው ወይም ረስተው አይደለም፤ ምክንያት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ተፎካካሪን ነው። እኔም ጎረቤቴም ያንኑ ጫማ ያመጣነው መርካቶ ካለ አንድ አስመጪ ነው፤ እኔ 3,500 ብር ብዬ ብጽፍ እሱ ነገ 3,400 ብሎ ይጽፋል ይላሉ። ስጋቱ የእውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይሠራም። ጎረቤት ዋጋውን ማወቅ ከፈለገ በእህቱ ስልክ «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፣ በደቂቃ ውስጥ ይነገረዋል። ይህን ያህል የሚደክመው ግን ጥቅም ያለው ተፎካካሪ ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱ ፎቶ የሚያሳልፍ ገዢ አይደክምም። ስለዚህ ዋጋ መደበቅ ከጎረቤቱ ይልቅ የሚጋርደው ደንበኛውን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው። «ሰውየው አንዴ ይጻፍልኝ እንጂ እሸጥለታለሁ» የሚለው ነው። ይህ ከሱቅ የመጣ ልማድ ነው፣ ሱቅ ውስጥም ይሠራል። ገዢ ገብቶ ጫማውን አንስቶ አገላብጦ «ስንት ነው?» ሲል ሻጩ ፊቱን አይቶ ዋጋ ይጠራል። ገዢው «ውድ ነው» ብሎ ወደ በሩ ቢሄድ «ና እስቲ፣ አንተ ስንት ትላለህ?» ተብሎ ይመለሳል። ከሁለትና ከሦስት ጊዜ መሄድና መመለስ በኋላ ሁለቱም አሸነፍን ብለው ይለያያሉ። የጨዋታው ቁልፍ ሻጩ የገዢውን ጀርባ ማየቱ ነው፤ ካላየው አይጠራውም።

ስልክ ላይ ግን የሚሄድ ሰው ጀርባ አይታይም። ፎቶውን አይቶ፣ ዋጋ አጥቶ፣ ወደሚቀጥለው ቻናል ያለፈ ሰው ለሻጩ እንደሌለ ነው፤ ማንም «ና እስቲ» አይለውም። ከፖስቱ ሥር በዓይን ምልክት አጠገብ ያለው የተመልካች ቁጥር ስንት ሰው እንዳየው ይናገራል እንጂ ስንቱ «ውድ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ እንደሄደ አይናገርም። ደግሞ ሰው ዋጋ ሲደበቅበት አብዛኛውን ጊዜ የሚገምተው ውድነትን ነው፤ ርካሽ የሆነ ነገር ለምን ይደበቃል? እናም 2,000 ብር የሚሸጥ ጫማ 4,000 ይሆናል ተብሎ ታልፎ ሊቀር ይችላል። በኢንቦክስ የመጡትን ሰዎች ብቻ የሚቆጥር ሻጭ ይህን ኪሳራ በምንም መንገድ አያየውም፤ «ዋጋ አለመጻፌ ጎድቶኝ አያውቅም» የሚለውም ለዚህ ነው።

አንዳንዶች «ሰው ዋጋ እያለ ሲጠይቅ ፖስቱ ለብዙ ሰው ይደርሳል» ይላሉ። ይህ ወሬ የመጣው ከፌስቡክና ከቲክቶክ ነው። እዚያ ማን ምን እንደሚያይ የሚመርጠው ድርጅቱ ስለሆነና አስተያየት የበዛበት ነገር ወደ ፊት ሊገፋ ስለሚችል፣ «ዋጋ?» «ዋጋ?» የሚሉ አስተያየቶች መደርደራቸው የሚጠቅምበት ጊዜ ይኖራል። የቴሌግራም ቻናል ግን እንዲህ አይደለም። ፖስቱ ለቻናሉ አባላት በወጣበት ቅደም ተከተል ይደርሳል፤ መቶ ሰው ኢንቦክስ ቢያደርግም ባያደርግም የሚደርሰው ለዚያው ሰው ነው። ከሌላ ሠፈር የመጣን ምክር ሳያጣሩ መቀበል እዚህ ላይ በከንቱ ያስከፍላል።

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ማስገባት ይችላል። አንዲት ሴት ጫማውን 2,600 ብር ገዝታ ትሸጣለች እንበል። ዋጋ ሳትጽፍ ለጠፈችና በቀኑ ውስጥ 50 ሰው ጻፈላት። ግማሹ «ሰላም» ብሎ ይጀምራል፣ እሷም «ሰላም፣ ምን ልታዘዝ?» ትላለች፤ ከዚያ ዋጋ፣ ከዚያ «የመጨረሻውስ?»፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ «እሺ እደውላለሁ»። መሄድ መምጣቱን ጨምሮ አንዱ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ይወስዳል ብንል 200 ደቂቃ፣ ማለትም ከ3 ሰዓት በላይ አለቀ። አምስት ሰው ገዛ። ለእያንዳንዱ እንደ ሁኔታው ስለጠራችና ስለተከራከረች በአማካይ 3,600 ብር ሸጠች እንበል። ትርፏ 5,000 ብር ነው።

አሁን ያንኑ ጫማ «3,500 ብር፣ ቁርጥ ዋጋ» ብላ ለጠፈች። የሚጽፉላት ሰዎች ወደ 18 ይወርዳሉ፤ ብዙ ሻጭ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የቀሩት 32 ሰዎች ግን አቅማቸው ያልደረሰ፣ ወይም ለማወቅ ያህል ብቻ ይጠይቁ የነበሩ ናቸው። የሚጽፉት 18ቱ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፤ «38 ቁጥር አለ?» «ለገጣፎ ታደርሳላችሁ?» ይላሉ። በዚያው በ4 ደቂቃ ስሌት 72 ደቂቃ ይወስዱባታል። አምስት ሰው ቢገዛ ትርፏ 4,500 ብር ነው። ዋጋውን በመጻፏ 500 ብር አጥታለች፣ 128 ደቂቃ ግን ተርፏታል። ሲፈተሽ፣ ዋጋ የደበቀችበት ቀን ያስገኘላት 500 ብር ከሁለት ሰዓት በላይ ስልክ ላይ አቀርቅራ የሠራችበት ደመወዝ ነው። ኢንቦክስ ለማታደርገው፣ ዋጋ ካየች ግን ለምትገዛ አንዲት ዝምተኛ ደንበኛ ብትሸጥ ደግሞ ትርፏ 5,400 ይሆናል፤ ሒሳቡም ይገለበጣል።

ይህ ስሌት ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ገበያ የቀዘቀዘባት ሴት ሁለት ሰዓቷ ያን ያህል ውድ ላይሆን ይችላል። ቢሮ እየሠራች ማታ ማታ ለምትሸጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጣን ጥያቄ ማታ 1 ሰዓት ስትመልስ ገዢው ጫማውን ከሌላ ቦታ ገዝቶ አድርጎታል። ዋጋ በኢንቦክስ ማለት «በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ» የሚል ቃል መግባት ነው፤ ቃሉን መጠበቅ የማይችል ሰው ባይገባ ይሻለዋል።

በዚህ ላይ እምነት የሚባል ዕዳ አለ። ዋጋ በኢንቦክስ ሲሆን ለሁለት ሰው ሁለት ዋጋ መጥራት ቀላል ነው፤ ፈተናውም ያለው እዚያ ነው። የመገለጫ ፎቶዋ ላይ የዋሽንግተን ወይም የዱባይ ሕንፃ የሚታይ ደንበኛ ለዚያው ጫማ ከፍ ያለ ዋጋ ትጠራባታለች። ይህ ለአንድ ሳምንት ያዋጣል። ነገር ግን በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ዕቃ የሚያስገዙት በብዙ ሁኔታ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ነው፤ ዘመዱም በራሱ ስልክ ይጠይቃል። የሁለቱ መልስ በስክሪንሾት ጎን ለጎን የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ የወጣ ቀን ሻጯ ያጣችው አንድ ገዢ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ዋጋ ከማይጽፉት ቻናሎች መካከል ዕቃው በእጃቸው የሌለ አሉ። የሌላ ሰው ቻናል ላይ የወጣ ፎቶ ወስደው ራሳቸው ይለጥፋሉ፣ ደንበኛ ሲጠይቅ ሄደው ባለቤቱን ይጠይቃሉ፣ የራሳቸውን ጨምረው ይመልሳሉ። ሥራው ድለላ ነው፤ ድለላ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለደላላው ዋጋ መጻፍ አይመቸውም፣ ምክንያቱም ዛሬ ባለቤቱ ስንት እንደሚል አያውቅም። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ የሰው ቻናል ስም አንዲት ፊደል ለውጦ ከነፎቶው ገልብጦ ቀብድ የሚሰበስብ አጭበርባሪ አለ። ለእሱ የተጻፈ ዋጋ አደጋ ነው፤ ከገበያው በጣም የወረደ ዋጋ ሁሉም ፊት ቢወጣ ያስጠረጥረዋል፣ በኢንቦክስ ግን ለአንድ ሰው ብቻ «ለአንቺ ስለሆነ» ብሎ ሊጠራው ይችላል። ንጹሕ ሻጭ ዋጋውን ሲደብቅ ሳያስበው ከእነዚህ ጋር አንድ ወረፋ ውስጥ ይቆማል። ገዢው ከውጭ ሆኖ ሊለያቸው አይችልም።

ዋጋ መጻፍም በነፃ አይገኝም። መጀመሪያ፣ የተጻፈ ዋጋ ጣሪያ ነው። ከእሱ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ መሄድ አይቻልም፤ «3,500» ብሎ የጻፈ ሰው ክርክሩ ከ3,500 ይጀምርበታል። ይህን የፈሩ ሻጮች 4,000 ብለው ይጽፉና 3,500 ሊሸጡ ያስባሉ። ሱቅ ውስጥ ይህ ያስኬዳል፤ እዚህ ግን ገዢው በሌላው ጣቱ 3,500 የሚል ቻናል ከፍቷል፣ 4,000 የሚለውን ሊያናግረው አይመጣም። የሚሸጡበትን ዋጋ ጽፎ አጠገቡ «ቁርጥ» ወይም «አስተያየት አለው» የሚል አንድ ቃል መጨመር ይሻላል። «ቁርጥ» ብሎ ለሚለምን ሁሉ የሚቀንስ ሰው ግን ቃሉ ባይኖር ይመረጣል፤ ደንበኞቹ ቶሎ ይለምዱታል።

ሁለተኛው ዕዳ ዋጋ ማርጀቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሰኔን ዋጋ በነሐሴ ማክበር አልቻለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋውን ከፖስት ላይ የሚያነሳ ሻጭ አይፈረድበትም። ችግሩ ጊዜያዊው መፍትሔ ቋሚ ልማድ ሆኖ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ የቴሌግራምን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የቻናሉ ባለቤት የቆየ ፖስት ገብቶ ዋጋውን ማስተካከል ይችላል። ፖስቱን ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረገው ሰው ጋ ያለው ቅጂ ግን አይስተካከልም፣ አሮጌውን ዋጋ እንደያዘ ይዞራል። ከሦስት ወር በኋላ አንዲት ደንበኛ ያንን ይዛ መጥታ «እዚህ 2,800 ይላል» ስትል «እሱ ድሮ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም የማታለል ሽታ አለው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከዋጋው ጎን ቀን ይጻፍ። «3,500 ብር፣ እስከ መስከረም 20» ወይም «አሁን እጃችን ላይ ላሉት 12 ጥንድ» የሚል ጽሑፍ የትም ቢዞር የራሱን ጊዜ ይዞ ይዞራል። ዋጋው ፎቶው ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጽሑፍ ቢቀመጥ ደግሞ ለማስተካከል ያመቻል። ዕቃው ሲያልቅ ፖስቱን መሰረዝ ወይም «አልቋል» ብሎ ማረም የሥራው ክፍል ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ዋጋ መጻፉ ጭቅጭቅ ብቻ ያተርፍለታል።

ጅምላና ችርቻሮ በአንድ ቻናል የሚሸጥ ሰው ችግርም እውነተኛ ነው። ጫማውን 3,500 ብሎ ከጻፈ ደርዘን የሚወስደው የክልል ነጋዴ ይሸሻል፤ 2,900 ብሎ ከጻፈ ቸርቻሪ ደንበኞቹ «ትርፋችንን ገለጥክብን» ይሉታል። ለዚህ ሰው ዋጋ መደበቅ ቀላሉ መውጫ ይመስላል። ግን ሁለት ቻናል መክፈት ምንም አያስወጣም፤ አንዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የችርቻሮ ዋጋ ይጻፍበታል፣ ሌላው በግብዣ ብቻ የሚገባበት ሆኖ የጅምላውን ይይዛል። ክፍቱ ላይ «ከ6 ጥንድ በላይ ለሚወስድ የጅምላ ዋጋ አለን» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ዋጋ በአንድ ቁጥር መጻፍ በእርግጥ የሚያስቸግርበት ሥራ አለ፤ የሐበሻ ቀሚስ አንዱ ነው። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ኖሯት በቻናልም ትዕዛዝ የምትቀበልን ሴት እናስብ። የቀሚሱን ዋጋ የሚወስነው ጨርቁ መነን ነው ወይስ ፈትል፣ ጥልፉ በማሽን ነው ወይስ በእጅ፣ ደረት ላይ ብቻ ነው ወይስ እስከ ታች ይወርዳል፣ ነጠላው አብሮ አለ ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ላለው ሥራ «ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት ያስኬዳል፤ ንግግሩ ያለ ኢንቦክስ አይሆንምና። ግን ባዶ እጅ መላክ የለበትም። ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ራሱ ስንት እንደተሸጠ ይታወቃል፤ «ፎቶው ላይ ያለው፣ ፈትል፣ የእጅ ጥልፍ ደረትና እጅጌ፣ ከነነጠላው 14,000 ብር። በማሽን ጥልፍ ከሆነ ከ9,000 ይጀምራል» ቢባል (ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው) ገዢዋ አቅሟ የት እንዳለ አውቃ ትጽፋለች። «ከ9,000 ጀምሮ» ብቻ ብሎ የ14,000ውን ፎቶ መለጠፍ ግን ተንኮል ነው፤ የምትመጣው ሁሉ 9,000 ይዛ ትመጣና ተቆጥታ ትሄዳለች።

ስለ ሕጉ ጥቂት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ አዟል። ድንጋጌው የተጻፈው ሱቅን እያየ ነው። ቢሆንም ሱቁ ውስጥ ዋጋ መለጠፍ ግዴታው የሆነ ነጋዴ በቻናሉ ላይ ሲደብቀው «የንግድ ምሥጢር ነው» ብሎ ለመከራከር ብዙ አያመቸውም።

ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሻጭ ራሱ ሞክሮ ይየው። አንዱን ወር ጽፎ ሌላውን ደብቆ ማወዳደር ግን አይሆንም፤ የአንዱ ወር መጨረሻ ከበዓል ጋር ይገጥምና ሒሳቡን ያዛባዋል። ተቀራራቢ ዕቃዎችን ይዞ አንድ ቀን በዋጋ፣ አንድ ቀን ያለ ዋጋ እያፈራረቀ ለሁለት ሳምንት ቢለጥፍ ይሻላል። በደብተር የሚመዘገበው አራት ነገር ነው፤ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ጻፈ፣ ስንት ተሸጠ፣ ለመመለስ ስንት ሰዓት ሄደ። የጻፈውን ሰው ብዛት ብቻ የሚያይ ሻጭ ሁልጊዜ «ኢንቦክስ» ያሸንፍበታል። የተሸጠውን ብርና የሄደውን ሰዓት የሚያይ ግን፣ በቁጥርና በቀለም ብቻ ለሚለያይ ተዘጋጅቶ ለተሰፋ ዕቃ፣ ዋጋውን ወደ መጻፍ እንደሚያዘነብል እገምታለሁ።

ገዢዎችም አንድ ነገር እንጠየቃለን። «ሰላም» ብቻ ጽፎ መልስ መጠበቅ የሁለቱንም ጊዜ ይገድላል። ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ከወደዳችሁ ሁሉንም በአንድ መልእክት ጠይቁ፤ «ሰላም፣ ጥቁሩ 38 ቁጥር አሁን አለ? የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው? አያት ለማድረስስ?» በሉ። ለቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የዛሬውን ቀን የጻፉበት ወረቀት ከጫማው አጠገብ አድርገው ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ዕቃው በእጁ ያለ ሻጭ ይህን በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል፤ «ቆይ ልጠይቅልህ» ያለው ግን ራሱም የሚጠይቀው ሌላ ሰው አለ።